ወንድሜ የደንበኛ ኮሜንት አጠፋ፣ አሁን ፔጃችን ላይ ሰው እየዘነበብን ነው። ምን ብዬ ልመልስ?

ጣናዳር | እሁድ፣ ከቀኑ 9፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነኝ። ወንድሜ ሁለት ጀልባ አለው፣ ሰው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል። እኔ እህቱ ነኝ፣ የፌስቡክ ፔጁንና ቴሌግራሙን የማየው እኔ ነኝ። ሌላ ሥራ ስላለኝ ሲመቸኝ ነው የማየው። አሥራ አንድ ሺህ ተከታይ አለን፣ ደንበኛም በብዛት የምናገኘው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ስድስት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። 4,800 ብር በቴሌብር ቀድመው ከፍለዋል። ቀጠሮው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ነዳጅ አልነበረም፣ ነጂው ሰልፍ ይዞ እስኪመጣ 5 ሰዓት ሆነ። መንገድ ላይ ነፋስ ተነሳና ዘጌ ሳይደርሱ ተመለሱ። ወንድሜ ደግሞ «ጀልባው ወጥቷል፣ ነዳጁ ተቃጥሏል፣ ምን ልመልስ?» ብሎ ብሩን አልመልስም አለ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ አንደኛዋ ፔጃችን ላይ ይህን ጻፈች፦

«እናቴን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ላሳልማት ብዬ ከአዲስ አበባ ድረስ አምጥቻት ሦስት ሰዓት ሙሉ ወደቡ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጣችኋት። ስንደውል አሥር ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ትላላችሁ። ከዚያ ከመንገድ መለሳችሁን። ብራችንን ስንጠይቅ ስልክ ዘጋችሁብን። ሰው እንዲያውቃችሁ ነው የጻፍኩት።»

እኔ አላየሁትም። ወንድሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አይቶ አጠፋው፣ እሷንም ብሎክ አደረጋት። ለካ ስክሪንሾት ይዛ ኖሯል። በራሷ ገጽ ላይ «ያጠፉት ይህን ነው» ብላ ለጠፈችው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሼር ሲያደርገው ዋለ፣ የኛ ፖስቶች ሥርም እየመጡ ይሰድቡናል።

ይህን ልለጥፍ አስቤያለሁ፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ድርጅታችን ሁልጊዜም ለደንበኞቹ እርካታ ቅድሚያ ይሰጣል። እባክዎ በኢንቦክስ ያናግሩን።»

ጥሩ ነው? የሚቀየር ነገር ካለ ንገሩኝ።

የሽምብጥ ልጅ | 9፡31

ብዙ አትጨነቂ። ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ አሪፍ ቪዲዮ ቅረጪና ቡስት አድርጊው። ሁለት ሺህ ብር ብታወጪበት ሰው እሱን ያያል፣ ያኛው ወደ ታች ይወርዳል። ማርኬቲንግ ማለት ይኸው ነው።

ጣናዳር | 9፡34

የሽምብጥ ልጅ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ማስታወቂያ አይደለም። ቪዲዮውን ብለጥፈው ሥሩ መጥተው «የሴትዮዋን ብር መልሱ» ነው የሚሉኝ።

ግሽ ዓባይ ሰፈር | 9፡40

እኔ የስልክ ዕቃ ሱቅ አለኝ፣ የሚቆጣ ደንበኛ በየቀኑ ነው የማየው። ሕጉ አንድ ነው፦ ወዲያው ወደ ኢንቦክስ ውሰጂው። ሰው ፊት ሲሆን ሁሉም አንበሳ ነው፣ ለብቻው ስታናግሪው ይበርዳል። ኮሜንቱ ላይ «ኢንቦክስ አድርጉልን» በይና ውስጥ ጨርሺው። አደባባይ ላይ ክርክር መቼም አታሸንፊም።

ኮሜንት ማጥፋቱ ግን ስህተት ነው። ሀይድ ማድረግ ነበረበት፣ እሷም አታውቅም ነበር።

ቆሮሶ በሚጥሚጣ | 9፡52

አይ እናንተ ነጋዴዎች! እኔ አምና ለእህቴ ሠርግ ቀሚስ ከአንድ የኦንላይን ሱቅ አዝዤ፣ ቀብድ ከፍዬ፣ ሠርጉ አልፎ በሳምንቱ መጣልኝ። ለዚያውም ቀለሙ ሌላ። ኮሜንት ስጽፍ «ኢንቦክስ እናውራ ውዴ» ይሉኛል። ኢንቦክስ ስገባ አንብበው ዝም። ተመልሼ ኮሜንት ስጽፍ እንደገና «ኢንቦክስ ውዴ»። ውዴ ውዴ ሲሉኝ ከረሙ፣ ብሬ ግን እስከዛሬ አልመጣም። ስለዚህ ግሽ ዓባይ፣ «ኢንቦክስ» የሚለው ቃል ለኔ «ዞር በይ» ማለት ነው።

ግሽ ዓባይ ሰፈር | 9፡55

ያንቺ ሌባ ገጥሞሽ ነው። እኔ ሰው አልበላም።

ፔጅ ጠባቂ | 10፡30

አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ ሆቴልና የአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ፔጅ ለስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ አሁን እዚሁ ባህር ዳር ነኝ። ረዘም ስለሚል ይቅርታ።

ጣናዳር፣ የጻፍሽውን እንዳትለጥፊው። «ለተፈጠረው መጉላላት» ብለሻል። ማን ፈጠረው? በአማርኛ ከጥፋት የምናመልጥባት በር ይህቺ «ተ» ናት። ተፈጠረ፣ ተስተጓጎለ፣ ተቋረጠ። አድራጊው የለም። ሴትዮዋ እናቷ ድንጋይ ላይ ሦስት ሰዓት መቀመጣቸውን ነው የጻፈችው፣ አንቺ ደግሞ «መጉላላት» ትያታለሽ። ያየችውን አላየሁም እንዳልሻት ነው የሚሰማት። «ድርጅታችን ሁልጊዜም» የሚለውን ደግሞ ሁላችንም ሺህ ቦታ አንብበነው ዓይናችን ራሱ ይዘለዋል። እሱን አውጪው።

ሁለተኛ፣ የምትጽፊው ለእሷ ብቻ አይደለም። ከእሷ ኋላ ቆሞ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው አለ። ለጥምቀት እናቱን ይዞ ሊመጣ ያሰበ ሰው ነው። ጀልባ እንደሚዘገይ ያውቃል፣ ነፋስ እንደሚነሳም ያውቃል። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ላይ ይህ ቢደርስ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? መልስሽ ማስታወቂያ የሚሆነው ያኔ ነው፣ ማንም ቡስት የማያመጣልሽ ማስታወቂያ። ዝምታሽም እንደዚያው ማስታወቂያ ነው፣ በተቃራኒው።

ግሽ ዓባይ ግማሽ እውነት አለው። ስልክ ቁጥር፣ የቴሌብር ደረሰኝ፣ የብር ክርክር አደባባይ ላይ አይወጣም። ግን ወደ ውስጥ መግባት ያለብሽ እዚያው ፊት ለፊት ጥፋቱን ከወሰድሽ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚረሳት ሦስተኛ እርምጃ አለች፦ ውስጥ ስትጨርሺ ተመልሰሽ ወጥተሽ «ጨርሰናል» ብለሽ እዚያው ትጽፊያለሽ። የቆሮሶ ታሪክ ላይ የጎደለው ይኸው ነው። ውስጥ ገቡ፣ የወጣ የለም።

ሀይድ ስለማድረግ ደግሞ፣ ፌስቡክ ላይ ሀይድ ያደረግሽውን ኮሜንት ጸሐፊዋም ጓደኞቿም ያዩታል። የማያየው ሌላው ሰው ነው። እሷ ላታውቅ ትችላለች፣ ግን ከጓደኞቿ ውጭ የሆነ አንድ ሰው «የቱ ጋ ነው የጻፍሽው? አይታየኝም» ያላት ቀን ታውቃለች። ሀይድ ለስድብ፣ ለሰው ስልክ ቁጥርና ለአጭበርባሪ ማስታወቂያ ነው። ለቅሬታ አይደለም።

አሁን በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ብሎኩን አንሺ። የጠፋው ኮሜንት አይመለስም፣ ስለዚህ ያጠፋችሁት እናንተ መሆናችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። የእሷ ፖስት ለሁሉም ክፍት ከሆነ በፔጁ ስም እዚያው ገብተሽ መልሺ። በራሳችሁ ፔጅ ላይም ያንኑ አንድ ጊዜ ለጥፊና ፒን አድርጊው። ለሚሳደበው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ኮፒ እያደረግሽ አትዙሪ፣ ማሽን ትመስያለሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ በ2 ሰዓት እንወጣለን ብለን በ5 ሰዓት ነው ያስወጣንዎት። ነዳጅ ሳንይዝ ቀጠሮ መስጠታችን የኛ ጥፋት ነው። እናትዎን ሦስት ሰዓት ድንጋይ ላይ አስቀምጠናቸዋል፣ ይቅርታ አድርጉልን። ነጂው ነፋሱን አይቶ መመለሱ ትክክል ነበር፣ ግን በሰዓቱ ብንወጣ ነፋሱ ሳይነሳ ዘጌ በደረሳችሁ ነበር። ኮሜንትዎን ያጠፋነውም እኛ ነን፣ ማጥፋት አልነበረብንም። ዛሬ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ስለ ብሩ ደውለን እናነጋግርዎታለን። ስንጨርስ እዚሁ እንጽፋለን። ትግስት፣ ከጀልባው ቢሮ»

ስሙን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ያንቺን አስገቢበት። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ነዳጅ የሚለውን ያነሳሁት ለምን እንደዘገየን ለመንገር እንጂ ለማምለጥ አይደለም። «ነዳጅ ስላልነበረ ዘገየን» ብትዪ ጥፋቱን ማደያው ላይ ጣልሽ ማለት ነው። «ነዳጅ ሳንይዝ ቀጠሮ ሰጠን» ስትዪ ያንቺ ይሆናል። አንድ ነገር ነው፣ ሰው ግን የሚሰማው ለየቅል ነው።

ጣናዳር | 10፡48

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። «እርስዎ» ወይስ «አንቺ»? እሷ ወጣት ናት፣ ፎቶዋን አይቻለሁ። ሌላው ስሜን መጻፍ ፈራሁ። አንዴ በስሜ መልሼ ሌሊት ሌሊት ኢንቦክሴ እየገቡ «ቆንጆ ነሽ?» ሲሉኝ ከረሙ።

ፔጅ ጠባቂ | 10፡55

የተቆጣ ሰው ጋር ምንጊዜም «እርስዎ»። እሷ ራሷ «አንቺ በይኝ» ካለችሽ ያኔ። «ውዴ»፣ «ማማዬ»፣ የሚስቅ ፊት፣ አበባ፣ ምንም። ዋጋ ለጠየቀሽ ሰው አበባ ላኪለት፣ እናቱ ድንጋይ ላይ ለተቀመጠችበት ሰው ግን አበባ ፌዝ ነው።

ስሙ ላይ እውነትሽን ነው፣ እኔ ወንድ ስለሆንኩ አላሰብኩበትም። ስም ሲኖር ሰው ስድቡን ይቀንሳል፣ ያን አይቻለሁ። ግን «ከጀልባው ቢሮ» ብቻ ብትዪም ይሠራል። ወይም የወንድምሽን ስም። ጥፋቱስ የሱ አይደል?

የደብረ ማርያም አስጎብኚ | 11፡10

አሥራ አራት ዓመት ሐይቁ ላይ ሠርቻለሁ። ፔጅ ጠባቂ በደንብ ተናግሯል፣ አንድ ነገር ግን ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ አይደለም። ጣና ጠዋት መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ይህን የማያውቅ ነጂ የለም። በነፋስ ለተመለሰ ጉዞ ብር እመልሳለሁ ካልሽ፣ ነገ ነጂው ምን ያስባል? «ከተመለስኩ ባለቤቱ ይከስራል፣ እኔን ይቆጣል» ይላል። ማዕበሉ ውስጥ ገፍቶ ይሄዳል። ያኔ ኮሜንት ሳይሆን ለቅሶ ነው የምትጽፊው።

ደግሞ ፌስቡክ ላይ የጮኸ ሁሉ ብር የሚመለስለት ከሆነ ነገ ሁሉም ይጮኻል።

ፔጅ ጠባቂ | 11፡25

ስለ ነጂው ያልከው ልክ ነው፣ አላሰብኩበትም ነበር። የሚጮኸው ጉዳይ ላይ ግን አልስማማም። ሰው የሚጮኸው ሕጉ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ሕጉ ቀድሞ ፔጁ ላይ ተጽፎ ከተሰቀለ፣ ለጮኸውም ላልጮኸውም አንድ ነው። «በእኛ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ ከዘገየን፣ መሄድ ካልፈለጉ ብርዎ ሙሉ ይመለሳል።» ይህ የናንተ ጥፋት ስለሆነ ነው። ነፋስ ደግሞ ሌላ ነው። «በሰዓቱ ወጥተን በነፋስ ብንመለስ በሌላ ጠዋት በነጻ እንወስድዎታለን» ማለት ይቻላል። ነጂው ገንዘብ አይቆረጥበትም፣ ይህም ይጻፍ።

የትናንቱ ግን ነፋስ አይደለም፣ መዘግየት ነው። ነፋሱ የመጣው በመዘግየቱ ነው።

የደብረ ማርያም አስጎብኚ | 11፡31

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «ሌላ ጠዋት» የለውም። ሰኞ ሥራ ይገባል። እሱን ምን ትለዋለህ?

ፔጅ ጠባቂ | 11፡33

እሱ ከባድ ነው። ግማሽ እላለሁ እኔ። ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቀበሌ 14 | ምሽት 12፡05

ጣናዳር፣ ቶሎ ፔጅሽን እይ! የናንተን ሎጎ ያደረገ ሌላ አካውንት ሴትዮዋ ፖስት ሥር «የጀልባ ድርጅቱ ነን፣ ብርዎን ለመመለስ የቴሌብር ስልክዎንና የሚስጥር ቁጥርዎን በቴሌግራም ይላኩ» ብሎ ጽፏል። ለሁለት ሌሎች ሰዎችም መልሷል።

ጣናዳር | 12፡09

ወይኔ። አየሁት። ምን ላድርግ?

ፔጅ ጠባቂ | 12፡14

ዝም ስትዪ ሌላው ገብቶ በስምሽ ይናገራል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። አካውንቱን ሪፖርት አድርጊ። ወንድምሽም ጓደኞቹም ሪፖርት ያድርጉ። ግን ሪፖርቱን አትጠብቂ፣ ጊዜ ይወስዳል። አሁኑኑ በእውነተኛው ፔጅ ስም እዚያው ሥር «ይህ የኛ አካውንት አይደለም። የሚስጥር ቁጥር ማንንም አንጠይቅም። ብር የምንመልሰው በተከፈለበት ስልክ ላይ ብቻ ነው» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ዋናውን መልስ ለጥፊ። አሁን። እስከ 1 ሰዓት የሚለውን ደግሞ እስከ 2 ሰዓት አድርጊው። የማትደርሺበትን ሰዓት አትጻፊ።

ጣናዳር | 12፡40

ለጥፌዋለሁ። ከወንድሜ ጋር ተጣልተን ነው የለጠፍኩት። «ጥፋተኛ ነን ብለሽ በአደባባይ ጻፍሽ፣ ፍርድ ቤት ቢወስዱኝስ?» አለኝ። ልደውልላት ነው።

ግሽ ዓባይ ሰፈር | 12፡46

ወንድምሽ እውነት አለው። በጽሑፍ አምነሻል።

ፔጅ ጠባቂ | 12፡58

ሰው ተጎድቶ ቢሆን፣ ጀልባ ተገልብጦ ቢሆን እኔም መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቂ እል ነበር። እዚህ ግን 5 ሰዓት መውጣታችሁን ስድስት ሰዎች አይተዋል፣ ስልክ ላይም «አሥር ደቂቃ» ያላችሁት አለ። ምኑን ትክጃለሽ?

ጣናዳር | ምሽት 2፡20

ደወልኩ። መጀመሪያ አላነሳችም። «የጀልባው ፔጅ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቅድም የመለስኩልዎ» ብዬ መልእክት ስልክላት ራሷ ደወለች። ሃያ ደቂቃ እሷ ተናገረች፣ እኔ ሰማሁ። ብሩ ላይ ብዙም አልቆየችም። ያቃጠላት «አሥር ደቂቃ» የሚለው ነው። «ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብትሉን እናቴን ቁርስ አብልቼ፣ ገበያ አሳይቼ እመለስ ነበር» አለችኝ። እኔ ምንም የምለው አልነበረኝም።

4,800ውን ሙሉ መለስን፣ በከፈለችበት ስልክ። ወንድሜ አሁንም አኩርፎኛል።

ፔጅ ጠባቂ | 2፡31

እንግዲህ አሁን ተመልሰሽ ወጥተሽ ጻፊ። ብሩን ስንት እንደሆነ አትጻፊ፣ እሷን «ደስ ብሏታል» ብለሽም አትመስክሪባት። «ዛሬ ማታ ተነጋግረን ጨርሰናል» ብቻ። ሌላውን እሷ ከፈለገች ትናገር።

«አሥር ደቂቃ» የሚለው ነገር ደግሞ ለፔጁም ይሠራል። ሰው መጠበቅን ይችላል፣ የማይችለው ስንት እንደሚጠብቅ አለማወቅን ነው። በፈረንጆቹ 2010 አይስላንድ ላይ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአውሮፓ ሰማይ ሲዘጋ የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም ስልኮቹ ተጨናንቀው ሰው ሁሉ በፌስቡክና በትዊተር ይጽፍለት ነበር። ሌላ ሥራ ላይ የነበሩ ሠራተኞች ሁሉ ተቀምጠው መለሱ። በኋላ ላይ ደግሞ የትዊተር ገጻቸው አናት ላይ «አሁን ስትጽፉልን በዚህን ያህል ደቂቃ እንመልሳለን» የሚል አደረጉ፣ በየአምስት ደቂቃው የሚታደስ። አንቺ ይህን ማድረግ አትችዪም፣ አያስፈልግሽምም። ግን «መልስ የምንሰጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው» ብሎ መጻፍ ማን ይከለክልሻል?

የቤት ሥራ ልስጥሽ። የመጨረሻዎቹን ሠላሳ የኢንቦክስ መልእክቶች ክፈቺና መቼ እንደተጻፉ፣ መቼ እንደመለስሽ ደብተር ላይ ጻፊ። ሐሙስ ንገሪን።

ጣናዳር | ሐሙስ፣ ምሽት 1፡15

ቆጠርኩ፣ አፈርኩ። ከሠላሳው በአንድ ሰዓት ውስጥ የመለስኩት አሥራ አንድ። በማግስቱ የመለስኩት ዘጠኝ። አሥሩን ጨርሶ አልመለስኩም። ከአሥሩ ሰባቱ «ዋጋ ስንት ነው?» የሚሉ ናቸው። ያው ፖስታችን ላይ «ለዋጋ ኢንቦክስ» ብለን ጽፈን፣ ኢንቦክስ ሲመጡ ዝም ብለናል። ሰባት ጀልባ ሙሉ ሰው ሊሆን ይችል ነበር።

አውቶማቲኩ መልስ ደግሞ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንመልሳለን» ይላል። ማን እንደጻፈው እንጃ፣ ምናልባት እኔው ነኝ።

ቆሮሶ በሚጥሚጣ | 1፡20

«ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚለውን የጀመረውን ሰው ባገኘው።

ፔጅ ጠባቂ | 1፡38

አውቶማቲኩን ዛሬውኑ ቀይሪው። «ደርሶናል። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰው ይመልስልዎታል። ዛሬ ጉዞ ላይ ከሆኑ ይደውሉ» ብሎ ስልክ መጨመር። ወደብ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ሰዓት አይጠብቅም። ሁለት ሰዓት የማትችዪ ከሆነ አራት በዪ። አራት ብለሽ በአንድ ብትመልሺ ማንም አይቀየምሽም። ፌስቡክ «ቶሎ ይመልሳሉ» የምትለዋን ምልክት የሚሰጠው በአሥራ አምስት ደቂቃ ለሚመልስ ነው፣ ለዚያውም ከአሥር መልእክት ዘጠኙን። ወንድምሽ ሐይቅ ላይ፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆናችሁ አታገኟትም፣ ተዋት።

ዋጋውን ፖስቱ ላይ ጻፊው። አንድ ሰው ኮሜንት ላይ ሲጠይቅ እዚያው ብትመልሺ ኋላ የሚመጡት ሃያ ሰዎች አይጠይቁሽም። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈልም አብረሽ ጻፊ፣ እዚያ ደርሶ የሚሰማው ሰው ሌላ ቅሬታ ይዞ ይመጣል። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባም እንዲሁ።

ቅሬታና ዋጋ እኩል ሰዓት ላይ ከመጡብሽ ቅሬታው ይቅደም። መፍትሔ ባይኖርሽም «አይቼዋለሁ፣ ነጂውን ጠይቄ እስከ 9 ሰዓት እነግርዎታለሁ» በዪ። ከዚያ 9 ሰዓት ላይ ባታውቂም «ገና አላገኘሁትም» ብለሽ ጻፊ።

የሽምብጥ ልጅ | 1፡44

ዋጋ ከጻፍሽ ተፎካካሪ አይቶ መቶ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፔጅ ጠባቂ | 1፡47

ይለጥፋል፣ ልክ ነህ። ተፎካካሪ ግን ኢንቦክስ ገብቶ ደንበኛ መስሎ ቢጠይቅም ያገኘዋል።

ቀበሌ 14 | 1፡50

ኔት ሲጠፋስ? መብራትና ኔት አብረው ሲሄዱ የምን ሁለት ሰዓት?

ፔጅ ጠባቂ | 1፡56

ያኔ ቃሉ ይፈርሳል፣ መፍትሔ የለኝም። ሌላ ከተማ ዘመድ ካላት የፔጁን መግቢያ ሰጥታ «ባህር ዳር ኔት የለም፣ በስልክ ደውሉ» የሚል አንድ ፖስት እንዲያወጣላት ማድረግ ትችላለች። እኔ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ስላለ እንዲያ ነበር የማደርገው። እዚያም ከጠፋ አለቀ።

ጣናዳር | 2፡10

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሴትዮዋ የድሮ ፖስቷን አላጠፋችውም፣ እኔም አጥፊ አላልኳትም። ግን ሥሩ «ብሬን መልሰዋል፣ ጥፋታቸውንም አምነዋል። እናቴ ግን ኡራን አላየችም» ብላ ጨመረች። እዚያ ሥር አንድ ሰው «ለጥምቀት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እሷ ፖስት ላይ! መለስኩለት፣ ስምንት ሰው ሆነው ይመጣሉ።

ቅር የሚለኝ «እናቴ ግን ኡራን አላየችም» የምትለው ናት። በነጻ እንውሰዳቸው ብል ወንድሜ «ብሩን መልሰሽ ደግሞ በነጻ?» ይለኛል።

ግሽ ዓባይ ሰፈር | 2፡15

እሱስ እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ቆሮሶ በሚጥሚጣ | 2፡17

ውሰዷቸው። በጠዋት ግን። በሁለተኛውም ካዘገያችኋቸው ይቅርታ የሚባል ነገር አያድናችሁም፣ እኔ ደንበኛ ሆኜ ነው የምነግርሽ።

ፔጅ ጠባቂ | 2፡22

ከቆሮሶ ጋር ነኝ፣ በተለይ ሁለተኛው ላይ። ከወሰድሻቸው ግን በስልክ ጋብዢያቸው፣ ፔጁ ላይ አትለጥፊው። ፎቷቸውን ደግሞ እንዳትነኪ።

ጣናዳር | 2፡41

እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሕጉን ጽፈን ፒን አድርገናል፣ የመዘግየቱንም የነፋሱንም። ነጂው ሲመለስ እንደማይቆረጥበት ጭምር። አሁን ስገባ ወንድሜ ከላይ በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨምሮ አገኘሁት፦ «ነፋስ የእግዚአብሔር ነው፣ እኛን አትጠይቁ።» ላንሳው ወይስ ልተወው?

የደብረ ማርያም አስጎብኚ | 2፡44

ተዪው። እውነቱን ነው።

ፔጅ ጠባቂ | 2፡45

የመጀመሪያውን ግማሽ ተዪው፣ ሁለተኛውን አንሺ።